ካሜራውን ስከፍት የመጋላ ቢሮ ኔትወርክ ይድናል፣ ስዘጋው ተመልሶ ይሞታል

ደቻቱ_ማዶ

ሰላም ለቤቱ። ነገሩ ድሬዳዋ ነው። ከዚራ ያለው ዋናው ግቢ ውስጥ ባለ 24 ፖርት ማኔጅድ ስዊች አለ። ከእሱ ላይ በገመድ አልባ ድልድይ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ካለች ትንሽ ቢሮ ጋር ይገናኛል። መጋላ ያሉት አራት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ብቻ ናቸው። የድልድዩ ፍጥነት ሲለካ 50 ሜጋቢት አካባቢ ይሰጣል፣ ለነሱ ከበቂ በላይ ነው።

ቢሮው ቪላን 10 ነው (192.168.10.0)፣ ካሜራዎቹ ቪላን 20 (192.168.20.0)፣ በመሃል ራውተር አለ። 16ቱም ካሜራዎች ከዚራ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ አንድም መጋላ የለም። የካሜራዎቹን ቪዲዮ የሚቀዳው ኤንቪአር ቪላን 10 ላይ 192.168.10.5 ነው፣ የስዊቹ Gi0/5 ላይ ተሰክቷል።

ችግሩ፦ መጋላ ፒንግ ሲደረግ ግማሹ ይጠፋል፣ የሚመለሰውም ዘግይቶ ነው። ስዊቹ ላይ ደግሞ የፖርቶቹ መብራት ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚርገበገበው፣ ማንም ያልተቀመጠበት ኮምፒውተር ፖርት ሳይቀር። ጭንቅላቴን ያዞረኝ ግን ይሄ ነው፦ ከዚራ ካለ ኮምፒውተር ላይ የካሜራው ማሳያ ሲከፈት መጋላ ወዲያው ይድናል። ማሳያው ከተዘጋ በኋላ 5 ደቂቃ ገደማ ደህና ይሆንና ተመልሶ ይሞታል። ትራፊክ ሲጨመርበት የሚሻለው ኔትወርክ አለ እንዴ አቦ?

ኬብል_ነጋዴ

ድልድዩን ነው ማየት ያለብህ። በዚህ ሙቀት ጣሪያ ላይ ያለ ዕቃ ቀን ቀን ይደክማል፣ አንቴናውም በንፋስ ትንሽ ዞር ካለ አለቀለት። የሲግናሉን መጠን ጻፍልን። ፓወር አዳፕተሩንም ቀይረህ ሞክር።

ሉፕ_አዳኝ

ድልድዩ ምንም አላደረገም። መብራቱ ሁሉ አብሮ ከተርገበገበ ስዊቹ ፍሬሙን ለሁሉም ፖርት እየበተነ ነው ማለት ነው። ይሄን የሚያመጣው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሉፕ አለ፣ ወይ የማክ ሰንጠረዡ ሞልቷል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ስዊች እንደ ድሮው ሀብ ይሆናል። አንድ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር የውሸት አድራሻ እየረጨ ሊሆን ይችላል። ይሄን ስጠን፦

```
show mac address-table count
```

ደቻቱ_ማዶ

@ኬብል_ነጋዴ ሲግናሉ ሲሞትም ሲድንም ያው ነው፣ አይለወጥም።

@ሉፕ_አዳኝ ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው አድራሻ ከመቶ አይበልጥም፣ ባዶው ቦታ በሺዎች ነው። ብሮድካስትም ትንሽ ነው። ሉፕ ቢሆን ማሳያ በመክፈት ይቆም ነበር?

ፍሬም_ቆጣሪ

ሉፕ_አዳኝ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርህ ልክ ነው፣ ስዊቹ እየበተነ ነው። ምክንያቶቹ ግን ሁለት ብቻ አይደሉም። ሰንጠረዡ ባይሞላም ለአንድ አድራሻ ብቻ መበተን ይችላል፣ ያ አድራሻ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ።

ደቻቱ_ማዶ፣ "5 ደቂቃ" ያልካት ነገር ናት ዋናዋ። ስዊቾች የተማሩትን አድራሻ ይዘው የሚቆዩት ካልተነኩ በስተቀር 300 ሰከንድ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ይረሱታል። አሁን ጥያቄው ማንን ነው የሚረሳው የሚለው ነው። ማሳያው ተዘግቶ ከ5 ደቂቃ በላይ ቆይቶ፣ መጋላ ሞቶ እያለ፣ እነዚህን አምጣልኝ። መጀመሪያ ራውተሩ ላይ፦

```
show ip arp 192.168.10.5
```

ከዚያ የሚመጣውን ማክ ይዘህ ስዊቹ ላይ ፈልገው። ሌላው ደግሞ ማንም የማይጠቀምበትን አንድ የቪላን 10 ፖርት መርጠህ፦

```
show interfaces Gi0/7 | include rate
```

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ኤንቪአሩ ላይ በቅርቡ የተነካ ነገር አለ? ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ተጨምሮበታል?

ደቻቱ_ማዶ

ኧረ እንዴት አወቅሽ? አዎ፣ ካሜራዎቹን ከኤንቪአሩ ላይ በቀጥታ ኮንፊገር ለማድረግ እንዲመች ተብሎ ሁለተኛ ካርድ ተሰክቶ ቪላን 20 ውስጥ ገብቷል፣ 192.168.20.5 ተሰጥቶታል። ግን ቀረጻው ምንም ስላልተነካ ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። ካሜራዎቹ ራሳቸው ናቸው ቪዲዮውን በዩዲፒ የሚገፉት፣ መድረሻው 192.168.10.5 ተብሎ እያንዳንዳቸው ላይ ተጽፏል።

ራውተሩ ላይ፦

```
Internet  192.168.10.5  97  0200.0000.1005  ARPA  GigabitEthernet0/0.10
```

ስዊቹ ላይ ግን `show mac address-table address 0200.0000.1005` ስል ባዶ ነው። ምንም የለም! ኤንቪአሩ ግን እዚያው Gi0/5 ላይ ነው፣ መብራቱም በርቷል፣ እየቀዳም ነው።

Gi0/7 ላይ የሚወጣው በሰከንድ 64 ሜጋቢት አካባቢ ነው፣ የሚገባው ዜሮ ማለት ይቻላል። እዚያ ፖርት ላይ ያለው የሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ነው፣ ሰውየው ዛሬ አልገባም።

ሐረር_ጌ

64 ሜጋቢት ማለት 16 ካሜራ በ4 ሜጋቢት ማለት ነዋ።

ደቻቱ_ማዶ

አዎ፣ ካሜራዎቹ በ4 ሜጋቢት ነው የተሞሉት። የሂሳብ ክፍል ፖርት ላይ ካሜራ ምን ይሠራል?

ፍሬም_ቆጣሪ

እሺ፣ አሁን ሁሉም ተሟልቷል። ትንሽ ላርዝመው።

ስዊች ፍሬም ሲደርሰው ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ሁለቱንም ከተለያየ አድራሻ ላይ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የላኪውን አድራሻ ያይና ከየትኛው ፖርትና ከየትኛው ቪላን እንደገባ አብሮ ይመዘግባል። ቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ ሰዓቱን ከዜሮ ያስጀምርለታል። ከዚያ የተቀባዩን አድራሻ ሰንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል። በሌላ ፖርት ላይ ካገኘው ወደዚያ ፖርት ብቻ ይልካል። ፍሬሙ በገባበት በራሱ ፖርት ላይ ካገኘው ይጥለዋል፣ እዚያ በኩል ያለ ሰው ቀድሞ ደርሶታልና። ጭራሽ ካጣው ግን ከገባበት ፖርት በቀር በዚያ ቪላን ውስጥ ላሉት ሁሉ ይበትናል።

ለምን ከላኪው ብቻ ይማራል ለሚለው፦ ፍሬሙ በፖርት 5 ገባ ማለት ላኪው በፖርት 5 በኩል እንደሚገኝ ማስረጃው ራሱ ፍሬሙ ነው። የተቀባዩ አድራሻ ግን ላኪው የጻፈው ስም ብቻ ነው። ያ ሰው በየት በኩል እንዳለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ከፍሬሙ ውስጥ ምንም አይገኝም። ከስም ብቻ ቢማር ኖሮ የተሳሳተ መዝገብ ይሞላ ነበር።

ብዙ ሰው የሚያመልጠው ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው። ሰዓቱን የሚያድሰው ባለቤቱ ራሱ ሲልክ ብቻ ነው። በሰከንድ ሺህ ፍሬም ቢላክለትም፣ እሱ ዝም ካለ በ300ኛው ሰከንድ ከሰንጠረዡ ይወጣል።

አሁን የአንተን መንገድ ተከተል። ካሜራው ቪዲዮውን ለ192.168.10.5 ብሎ ይልካል። ሌላ ኔትወርክ ስለሆነ ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ራውተሩ የ10.5ን ማክ በአርፕ ሰንጠረዡ ውስጥ አለው፣ 97 ደቂቃ ሆኖታል፣ የሲስኮ ራውተር ደግሞ ካልተነካ 4 ሰዓት ይይዘዋል። ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቅ ፍሬሙን 0200.0000.1005 ብሎ በቪላን 10 ወደ ስዊቹ ይመልሰዋል። ስዊቹ ይፈልጋል፣ የለም፣ ይበትናል። Gi0/5 ከሚበተንባቸው ፖርቶች አንዱ ስለሆነ ለኤንቪአሩም ይደርሰዋል፣ ቀረጻው አይቋረጥም። ለዚህ ነው ችግሩ ተደብቆ የቆየው።

ኤንቪአሩስ ለምን ዝም አለ? ዝም አላለም፣ በሌላ በር ነው የሚናገረው። ሁለተኛው ካርድ ከመግባቱ በፊት ለካሜራ የሚልከው ማንኛውም ነገር፣ የሰዓት ማስተካከያም ሆነ ሌላ፣ በመጀመሪያው ካርድ ወጥቶ በራውተር ነበር የሚሄደው። በየጊዜው ማኩን ስዊቹ ያይ ነበር። ሁለተኛው ካርድ 192.168.20.5 ሲያገኝ ግን ካሜራዎቹ ቀጥታ ጎረቤት ሆኑለት፣ ስለዚህ ወደ እነሱ የሚሄደው ሁሉ በሁለተኛው ካርድ ይወጣል። የመጀመሪያው ካርድ የሚቀበል ብቻ ሆነ።

ማሳያ ሲከፈትስ? ከዚራ ያለው ኮምፒውተር ቪላን 10 ውስጥ ነው፣ ለእሱ መልስ የሚሄደው በመጀመሪያው ካርድ ነው። የመጀመሪያው ፍሬም እንደወጣ ስዊቹ 0200.0000.1005 ን Gi0/5 ላይ ይመዘግባል፣ መበተኑም በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ማሳያው ሲዘጋ 300 ሰከንድ መቁጠር ይጀምራል።

64 ሜጋቢት ለጊጋቢት ፖርት ምንም አይደለም፣ ኮምፒውተሩም የእሱ ያልሆነውን ፍሬም ካርዱ ላይ ይጥለዋል፣ ሰውየው አይሰማውም። 50 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ግን 64 ሲጫን ለመጋላ የሚተርፍ ነገር የለም። የድልድዩ ዕቃ የራሱ ሰንጠረዥ ቢኖረውም አድራሻውን እሱም አያውቀውም፣ ስለዚህ ወደ አየር ይለቀዋል።

ሉፕ_አዳኝ

ተቀበልኩ፣ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሊኑክስ በአንድ ካርድ የገባን፣ መልሱ በሌላ ካርድ የሚሄድን ፓኬት ይጥላል አይደለም እንዴ?

ፍሬም_ቆጣሪ

`rp_filter` 1 ከሆነ አዎ፣ ይጥለዋል። ያኔ ቀረጻው ራሱ ይቆምና ካርዱ በተሰካበት ቀን ነገሩ ይታወቅ ነበር። ቀረጻው ከቀጠለ 0 ወይም 2 ነው ማለት ነው። ደቻቱ_ማዶ ማረጋገጥ ከፈለገ `sysctl net.ipv4.conf.all.rp_filter` ይበል፣ ለካርዱም ለብቻው ይየው፤ ከሁለቱ ትልቁ ቁጥር ነው የሚሠራው።

ሐረር_ጌ

እኔም ተመሳሳይ ነገር አለኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ ቤት ነው፣ ሁለት ስዊች። የአንድ ኮምፒውተር ማክ አንዴ ፖርት 3 ላይ፣ አንዴ ፖርት 8 ላይ ይታያል፣ በሰከንድ ውስጥ ይቀያየራል። ኮምፒውተሩ አልተንቀሳቀሰም። ሰንጠረዡ እየረሳ ነው ማለት ነው? ጊዜውን ላስረዝመው?

ፍሬም_ቆጣሪ

ያንተ ተመሳሳይ አይደለም፣ ጊዜ ብታስረዝም አይለወጥም። መርሳት ሳይሆን መልሶ መማር ነው። ስዊች ለአንድ አድራሻ በአንድ ቪላን አንድ ፖርት ብቻ ነው የሚይዘው፣ የመጨረሻው የታየበት ያሸንፋል። ያው ፍሬም በሁለት በኩል ዞሮ ከመጣ መዝገቡ እየተገለባበጠ ይኖራል። ሉፕ_አዳኝ፣ ይሄ ነው የአንተ ሥራ።

ሉፕ_አዳኝ

ሐረር_ጌ፣ ሁለቱን ስዊች የሚያገናኘው ገመድ ስንት ነው? ሁለት ከሆነ አንዱን ንቀል። "ይፈጥናል" ብሎ ሁለት የሚሰካ ሰው አይጠፋም። አንድ ብቻ ከሆነ አዲስ ክር ክፈት፣ እዚህ አናደባልቀው።

ደቻቱ_ማዶ

አረጋገጥኩ። ከመጋላ ካለ ላፕቶፕ ላይ ይሄን አስሮጥኩ፣ ከ`ether host` ቀጥሎ ያለው የላፕቶፑ የራሱ ማክ ነው፦

```
tcpdump -e -nn -i eth0 'not ether host 02:00:00:00:10:31 and not ether multicast'
```

ስክሪኑ በአንዴ ሞላ። ሁሉም ከ192.168.20 ወደ 192.168.10.5 ነው፣ መድረሻ ማኩ 02:00:00:00:10:05። ከዚራ ያለ ሰው ኤንቪአሩን አንድ ጊዜ ፒንግ ሲያደርገው ወዲያው ቆመ። ከዚያ 5 ደቂቃ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ወላሂ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።

አሁን መፍትሔው ምንድን ነው? ለጊዜው ኤንቪአሩ በመጀመሪያው ካርድ ራውተሩን በየደቂቃው ፒንግ እንዲያደርግ ክሮን ላይ አስገብቼ መጋላ ሰላም ሆኗል፦

```
* * * * * ping -c 1 -I eth0 192.168.10.1
```

ኬብል_ነጋዴ

ከሠራ ተወዋ! ምን ትፈልጋለህ?

ሉፕ_አዳኝ

ፒንግ መድኃኒት አይደለም። ኤንቪአሩ ሪሴት የተደረገ ቀን ክሮኑ ይጠፋል፣ ማንም አያስታውሰውም። የስዊቹን ጊዜ ከራውተሩ አርፕ ጋር እኩል አድርገው፦

```
mac address-table aging-time 14400 vlan 10
```

ራውተሩ አርፑን ለማደስ ሲጠይቅ ኤንቪአሩ ይመልሳል፣ ስዊቹም ያየዋል። አለቀ።

ፍሬም_ቆጣሪ

እኔ በተቃራኒው ነው የማደርገው። 14400 ስታደርግ መጋላ ያለ ላፕቶፕ ወደ ከዚራ ቢመጣ፣ አንድ ፍሬም ሲልክ ወዲያው ይስተካከላል፣ እሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው የማይናገር ዕቃ ነው። ከድልድይ ማዶ ያለ ፕሪንተር ገመዱ ተነቅሎ ከዚራ ቢሰካና ዝም ብሎ ሥራ ቢጠብቅ፣ የስዊቹ የድልድይ ፖርት ስላልወረደ የድሮው መዝገብ እስከ 4 ሰዓት ወደ መጋላ ይልካል። የራውተሩን አርፕ ከ300 በታች ማውረድ ይሻላል። በ`GigabitEthernet0/0.10` ውስጥ፦

```
arp timeout 240
```

ራውተሩ ጊዜው ሳያልቅ ይጠይቃል፣ የኤንቪአሩ መልስ ስዊቹን ያስታውሰዋል። መቶ ለማይሞላ ዕቃ የሚጨምረው የአርፕ ጥያቄ ከቁም ነገር አይገባም።

ሉፕ_አዳኝ

አብዛኛው ፕሪንተር ገመድ ሲሰካ ዲኤችሲፒ ይጠይቃል፣ ያኔ ይታያል። የምትፈሪው ነገር በተግባር አይገጥምም።

ፍሬም_ቆጣሪ

በእጅ አይፒ የተሰጠው ከሆነስ? ይሄን አንጨርሰውም፣ ሁለቱም ይሠራል። ግን ሁለቱም የአካሄዱን ጥመት አያቃናም። ካሜራና ኤንቪአር አሁን በአንድ ቪላን ውስጥ እያሉ 64 ሜጋቢት ለምን በራውተር ይዞራል? ካሜራዎቹ ላይ የተጻፈውን መድረሻ 192.168.20.5 አድርገው። ቪዲዮው ከቪላን 20 አይወጣም፣ ራውተሩም ያርፋል፣ ቢበተን እንኳ መጋላ አይደርስም። የመጀመሪያው ካርድ ለማሳያ ብቻ ይቅር። ያኔ ዝም ቢልም ማንም ስለማይልክለት ችግር የለውም።

በአንዴ 16ቱን አትቀይር። አንዱን ቀይረህ መቅዳቱን እይ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሁለተኛው ካርድ ማክ ሰንጠረዡ ውስጥ መኖሩን ተመልከት፣ ከዚያ ሌሎቹን ቀጥል።

ደቻቱ_ማዶ

16ቱንም ቀየርኩ። ክሮኑን አነሳሁት። Gi0/7 ላይ የሚወጣው ወደ ምንም ወርዷል፣ መጋላም ደህና ነው። እግዜር ይስጥልኝ እህቴ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ጠዋት ጠዋት ሰው ሲገባ መብራቶቹ ለአፍታ ሁሉም አብረው ይርገበገቡና ይተዋሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። ችግር አላመጣም፣ ግን ምንድን ነው?

ፍሬም_ቆጣሪ

ምናልባት የስፓኒንግ ትሪ ለውጥ ማስታወቂያ ነው። አንድ ፖርት ሲነሳ ወይም ሲወድቅ ስዊቹ "መንገድ ተቀይሯል" ብሎ የተማረውን ይጠራጠራል። በድሮው ዓይነት 300 ሰከንዱ ወደ 15 ያጥራል፣ በፈጣኑ ደግሞ ወዲያው ይጠረጋል። ያኔ ሁሉም ድጋሚ እስኪናገር ይበተናል። ማን እንዳስነሳው ይሄ ይነግርሃል፦

```
show spanning-tree detail | include occurr|from
```

ደቻቱ_ማዶ

`from GigabitEthernet0/11` ይላል። እዚያ ፖርት ላይ ግን ምን እንዳለ አላውቅም፣ ገመዱ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል።

ሉፕ_አዳኝ

ፖርትፋስት አድርግበት፣ ዝም ይላል።

ፍሬም_ቆጣሪ

ጫፉ ሳይታወቅ አይደረግም። ኮምፒውተር ከሆነ እሺ፣ ትንሽ ስዊች ከሆነና አንድ ሰው ሁለት ቦታ ከሰካው የሉፕ_አዳኝ ሉፕ በእውነት ይመጣል። መጀመሪያ `show mac address-table interface Gi0/11` በል፣ ስንት አድራሻ እንዳለ እይ። ከአንድ በላይ ከሆነ ከኋላው ስዊች አለ።

ደቻቱ_ማዶ

ሦስት አድራሻ።

ኬብል_ነጋዴ

የገመድ መፈለጊያ ቶነር እኔ ጋ አለ፣ ሳቢያን ነኝ። ነገ ጠዋት ሳይሞቅ ኮርኒሱን እናየዋለን።